የመኝታ ተረትን ከአማርኛ ወደ ኢጣልያንኛ ስለ ማሻገር

በሮማ ወይም በሚላኖ ተወልዶ ያደገ፥ አማርኛ ቢሰማም በኢጣልያንኛ የሚመልስ ሕፃን ያላቸው ወላጆች፥ ራሳቸው በልጅነታቸው በምድጃ ዳር የሰሙትን ተረት በልጁ ቋንቋ ሊደግሙለት በተነሡ ጊዜ የሚገጥማቸው ችግር ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ታሪኩ ከመነሻው እስከ መድረሻው ምንም ሳይጐድል ተሻግሮ ሳለ፥ ልጁን ያስተኛው የነበረው ዜማ ግን በመንገድ ይቀራል። ኢግናጽዮ ጉዊዲ በ1894 ዓመተ ምሕረት፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር፥ የአበሻን ምሳሌዎች፥ ግጥሞችና ተረቶች ከኢጣልያንኛ ትርጓሜ ጋራ በሮማ ባሳተመ ጊዜ፥ ሥራው ለሊቃውንት ነበርና ቃሉን በቃል መፍታት ይበቃው ነበር፤ በ1901 ያወጣው የአማርኛና የኢጣልያንኛ መዝገበ ቃላትም እስከ ዛሬ ድረስ ለተርጓሚ ታማኝ መሣሪያ ነው። ለሚያንቀላፋ ጆሮ ግን መዝገበ ቃላት ብቻውን አይበቃም፤ ከዚህ በታች የማሳየው መንገድም ለዚህ ዓይነቱ ጆሮ የተሰናዳ ነው።

ነገሩ በባዶ ሜዳ እንዳይቀር፥ በየአገሩ በሚተረተው የሰንሰለት ተረት ሥርዐት አንዲት ትንሽ ተረት ለዚሁ ጽሑፍ አቀናብሬአለሁ። አንዲት ትንሽ እረኛ አመሻሽ ላይ ግልገሏን ወደ በረት ስታስገባ፥ ግልገሏ እንቢ ትላለች፤ እረኛዪቱም ዱላን ንዳልኝ ብላ ትለምናለች፥ ዱላም እንቢ ይላል፤ ዱላን እንዲያቃጥል እሳትን፥ እሳትን እንዲያጠፋ ውሃን፥ ውሃን እንድትጠጣ ላምን ትለምናለች፤ ላሚቱ ብቻ ጠምቷት ነበርና እሺ ትላለች፥ በዚያው ቅጽበትም ሁሉ ተራ በተራ ፈርቶ ይታዘዛል። በሦስተኛው ልመና ላይ እረኛዪቱ የምትለው እንዲህ ነው፤

ውሃ ሆይ፥ እሳቱን አጥፋልኝ፤
እሳት ዱላ አላቃጥልም አለኝ፤
ዱላ ግልገል አልነዳም አለኝ፤
ግልገል በረት አልገባም አለችኝ፤
መሸብኝ፥ መሸብኝ።

የመጀመሪያው ተግባር እንግዲህ አንድም የኢጣልያንኛ ቃል ሳይጽፉ አማርኛውን ከፍ ባለ ድምፅ ማንበብና ዜማውን የተሸከመው ምን እንደ ሆነ መመርመር ነው። በዚህ ምሳሌ ውስጥ ስንኞቹ ቤት የሚመቱት ገጣሚው ተጨንቆ ቃል ስለ መረጠ ሳይሆን፥ የአማርኛ ግሥ በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ስለሚቆምና «ለእኔ» ወይም «በእኔ» የሚለው ዝርዝር ከግሡ ጫፍ ላይ በ«ኝ» ስለሚለጠፍ ነው። ሰዋስው ራሱ ቤት ይመታል። ይህን የተረዳ ተርጓሚ፥ በኢጣልያንኛ ለ«አጥፋልኝ» የሚገጥም ቃል ከመፈለጉ በፊት፥ ኢጣልያንኛ በበኩሉ ያለ ድካም በራሱ ሰዋስው ቤት የሚመታው በምን ላይ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ከሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበትም ይህ ጥያቄ ነው።

መልሱ በሁለት ቦታ ይገኛል። አንደኛው፥ በ«አሬ» የሚጨርሱ ግሦች በሩቁ ኃላፊ ጊዜ፥ በነጠላ ሦስተኛ መደብ ሁሉም በ«ኦ» ያበቃሉ፥ ድምፁም በዚያች በመጨረሻይቱ ፊደል ላይ ይወድቃል፤ ሄደ ለማለት «አንዶ»፥ ገባ ለማለት «ኤንትሮ» ይባላል። ሁለተኛው፥ የትንቢት ጊዜ በአንደኛ መደብ እንደዚሁ በ«ኦ» ያበቃል፤ ምን ላድርግ ለማለት «ኬ ፋሮ» ይባላል። በዚህ ላይ የእንቢታ ቃል ራሱ «ኖ» መሆኑን ሲያስተውሉ፥ እንቢታ ላይ የቆመ ተረት በዚህ ቋንቋ ምን ያህል የተመቸ ቤት እንዳገኘ ይገነዘባሉ። ስለዚህ «አልገባም አለችኝ» የሚለውን «መግባት እንደማትፈልግ ነገረችኝ» ብሎ በረጅሙ ከመተርጐም፥ «ዲቼ ኖ» ማለትም «እንቢ ትላለች» ብሎ በአጭሩ መቁረጥ ይሻላል።

ቤቱ ከተገኘ በኋላ የሚከተለው ልክ ነው። በአማርኛ ስንኝ ውስጥ የድምፅ ክብደት በየቀለሙ እኩል ተበትኖ ስለሚሄድ፥ ጆሮ ይበልጥ የሚጠብቀው የቀለሙን ቍጥርና ቤቱን ነው፤ በኢጣልያንኛ ግን በያንዳንዱ ቃል ውስጥ አንድ ቀለም ከሌሎቹ ሁሉ ጐልቶ ስለሚነገር፥ ዜማው የሚገነባው ይህ ጐላ ያለ ቀለም በሚወድቅበት ቦታ ነው። ለሕፃናት ግጥም ኢጣልያኖች የለመዱት ልክ ኦቶናሪዮ የሚባለው ባለ 8 ቀለም ስንኝ ሲሆን፥ ድምፁ በ3ኛውና በ7ኛው ቀለም ላይ ይወድቃል። በ1908 የተመሠረተው ኮርዬሬ ዴይ ፒኮሊ የተባለው የሕፃናት ጋዜጣ በሥዕሎቹ ውስጥ ንግግር ከመጻፍ ይልቅ ከሥዕሉ በታች በዚህ ልክ የተገጠሙ ስንኞችን ያሰፍር ስለ ነበር፥ ከ1917 ጀምሮም የሰርጆ ቶፋኖ አቶ ቦናቬንቱራ በዚያው ልክ ስለ ተተረከ፥ ብዙ ትውልድ ጆሮውን ያሠለጠነው በዚሁ ነው። የመጨረሻው ቃል ድምፁ በጫፉ ላይ ከወደቀ ደግሞ ከ7ኛው በኋላ የሚመጣው 8ኛ ቀለም ይቀራል፥ ስንኙ ግን እንደ ሙሉ ይቈጠራል። «ኖ» እና «ፋሮ» ያላቸው ስንኞች እንግዲህ 7 ቀለም ብቻ ይይዛሉ ማለት ነው።

አሁን ሥራውን በጣት እየቈጠሩ ይጀምሩ። ግልገል በኢጣልያንኛ «ካፕሬታ» ትባላለች። «ላ ካፕሬታ ዲቼ ኖ» የሚለው ሲቈጠር፥ ላ፥ ካ፥ ፕሬ፥ ታ፥ ዲ፥ ቼ፥ ኖ፥ 7 ቀለም ሆኖ ድምፁ በ«ፕሬ» እና በ«ኖ»፥ ማለትም በ3ኛውና በ7ኛው ላይ ይወድቃል፤ ተገጠመ። «ኢል ባስቶኔ ዲቼ ኖ» የሚለው የዱላው ስንኝም ያለ ምንም ችግር በዚያው ልክ ይገባል። እሳት ግን «ፉዎኮ» ስለሚባልና «ፉዎ» እንደ አንድ ቀለም ስለሚነገር፥ «ኢል ፉዎኮ ዲቼ ኖ» ቢሉት አንድ ቀለም ይጐድለዋል፤ ስለዚህ «እርሱም ደግሞ» የሚለውን «አንኬ» ይጨምሩና «አንኬ ኢል ፉዎኮ ዲቼ ኖ» ይበሉ። እዚህ ላይ ጀማሪ የሚስትበት ሕግ አለ። አንድ ቃል በአናባቢ ድምፅ ሲያበቃና ተከታዩም በአናባቢ ሲጀምር፥ ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ ተጠቅልለው እንደ አንድ ቀለም ይቈጠራሉ፤ «ኬ» እና «ኢል» እንግዲህ አንድ ናቸው፥ ስንኙም 8 መስሎ ሳለ 7 ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ትክክለኛውን ስንኝ ረዘመ ብሎ ይቈርጠዋል፥ የቈረጠውንም ልጁ ሲሰማው እንደሚያነክስ ያውቃል፥ ምክንያቱን ግን ማንም አይነግረውም። ውሃን «አንኬ ላኳ ዲቼ ኖ» ይሉታል፤ ላሚቱ እንቢ አትልምና ስንኝ አያስፈልጋትም።

የቀረው «መሸብኝ፥ መሸብኝ» የሚለው መዝጊያ ነው። ኢጣልያንኛ «ሚ ሲ ፋ ኖቴ» የሚል አነጋገር አለው፥ «ብኝ»ን ሳይቀር በ«ሚ» ይዞ «መሸብኝ» ማለት ነው፤ ተርጓሚ ይህን ያህል የቀረበ ቃል ሲያገኝ ደስ ብሎት እጁን ሊዘረጋ ይቻኰላል። ነገር ግን 5 ቀለም ብቻ ስለሆነና በ«ኖቴ» ስለሚያልቅ ከ«ኖ» ጋራ ቤት ስለማይመታ፥ በልመናው መጨረሻ ሕፃኑ የሚጠብቀው ምት ይሰበርበታል። እኔ የመረጥሁት «ሲ ፋ ኖቴ፥ ኬ ፋሮ?» የሚለውን ነው፤ «ይመሻል፥ ምን ላድርግ?» እንደ ማለት። በ«ሚ» ውስጥ የነበረው ምሬት ወደ ጥያቄው ተዛውሯልና ፈጽሞ የጠፋ ነገር የለም፤ መደጋገሙ ግን ቀርቷል፥ ይህንንም ጕድለት ስንኙን ሁለት ጊዜ በማለት መሙላት ይቻላል።

ልመናዎቹን በተመለከተ፥ «ልኝ» የሚለውን ዝርዝር «ለእኔ» ብለው ለብቻው አይተርጕሙት። የኢጣልያን እናት ልጇን ምግቡን ብላልኝ ስትል «ማንጃሚ» ብላ «ሚ»ን ከትእዛዙ ጋራ ታጣብቃለች፤ ከ«ልኝ» ጋራ በመንፈስ አንድ ነው። እንግዲህ «አኳ፥ ስፔኚሚ ኩዌል ፉዎኮ» ማለት «ውሃ፥ ያን እሳት አጥፋልኝ» ሲሆን፥ «ፉዎኮ፥ ብሩቻሚ ኢል ባስቶኔ» ደግሞ «እሳት፥ ዱላውን አቃጥልልኝ» ነው፤ «ሙካ፥ ቤቪሚ ኩዌስታኳ» ብለውም ላሚቱን ይለምኗታል። ሦስቱም በ3ኛውና በ7ኛው ቀለም ላይ ይመታሉ። ዱላው ብቻ አስቸጋሪ ነው፤ «ባስቶኔ» ድምፁ በመካከል ስለሚወድቅ ስንኝ ሊከፍት አይችልም፥ «በል እንግዲህ» የሚለውን «ሱ» ከፊቱም ከኋላውም በማቆም «ሱ፥ ባስቶኔ፥ ስፒንጂ፥ ሱ» ሲሉት ግን ልኩን ያገኛል። ሙሉው ሦስተኛ ልመና እንግዲህ እንዲህ ይነበባል፤

አኳ፥ ስፔኚሚ ኩዌል ፉዎኮ፤
አንኬ ኢል ፉዎኮ ዲቼ ኖ፤
ኢል ባስቶኔ ዲቼ ኖ፤
ላ ካፕሬታ ዲቼ ኖ፤
ሲ ፋ ኖቴ፥ ኬ ፋሮ?

እዚህ ከደረሱ በኋላ ረቂቅዎን በኢጣልያን ትምህርት ቤት የተማረ ወዳጅ ቢያሳዩት፥ «ዲቼ» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ተደገመ ብሎ በሁለተኛው ቦታ «መለሰ»፥ በሦስተኛው «ጮኸ» የሚሉ ቃላትን ሊያስገባ መፈለጉ አይቀርም፤ በዚያ አገር የድርሰት ትምህርት ድግግሞሽ እንደ ነውር ይቈጠራልና። ወዳጅዎን አመስግነው ቃሉን እንደ ነበረ ይተዉት። በቅዳሴ ጊዜ ሕዝቡ የሚመልሰው ቃል በያንዳንዱ ልመና ቢለዋወጥ ኖሮ ማንም አብሮ ሊመልስ እንደማይችል ሁሉ፥ ሕፃኑም «ዲቼ ኖ» የሚለውን ከተራኪው አፍ ነጥቆ የሚለው ቃሉ የማይለወጥ መሆኑን ስላረጋገጠ ነው። ይልቁንስ ሊጠነቀቁ የሚገባው በሌላ በኩል ነው፤ ስንኙ ቀለም ሲጐድለው «ኢኖ» እና «ኤታ» የሚሉትን የማሳነሻ ጭራዎች በየስሙ ላይ መቀጠል እጅግ ቀላል ስለሆነ፥ ዱላውም ዱልዬ፥ እሳቱም እሳትዬ፥ ላሚቱም ላምዬ ሆነው ተረቱ በሙሉ ማር ማር ይላል። በዚህ ተረት ውስጥ ማሳነሻ የሚገባት ግልገሏ ብቻ ናት፥ እርሷም ትንሽ ስለሆነች ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ሰንሰለቱ የሚፈታበት ነው። በአማርኛ ተራኪው በአንድ ትንፋሽ፥ «ላሚቱ የምትጠጣው ውሃ የሚያጠፋው እሳት የሚያቃጥለው ዱላ የሚነዳት ግልገል ከበረት ገባች» ይላል፤ ገላጩ ሁሉ ከተገላጩ በፊት ስለሚመጣ፥ ዋናው ስም ግልገል በመጨረሻ ላይ ቆማ ግሡን ትቀበላለች። በኢጣልያንኛ ግን ገላጩ ከስሙ በኋላ ስለሚከተል፥ የሰዋስውን ሥርዐት በታማኝነት የጠበቀ ተርጓሚ ከግልገል ጀምሮ ወደ ላም ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ሁለት ጥፋት ይደርሳል። አንደኛ፥ ልጁ ከላም ወደ ግልገል የሚወርደውን ደረጃ በጀርባው እንዲወጣ ይገደዳል። ሁለተኛውና የሚብሰው፥ ኢጣልያንኛ እንደ እኛ በ«ን» ተሳቢን ለይቶ ስለማያመለክት፥ «ላ ካፕሬታ ኬ ስፒንጄ ኢል ባስቶኔ» ቢሉ ሰሚው የሚረዳው ዱላ የሚነዳትን ግልገል ሳይሆን ዱላውን የምትገፋ ግልገል ነው፤ ቀጥሎም ዱላው እሳቱን ያቃጥላል፥ እሳቱም ውሃውን ያጠፋል፥ ዓለም ሁሉ ይገለበጣል።

መድኃኒቱ የቃላቱን ቅደም ተከተል ጠብቆ የሰዋስውን ዝምድና መለወጥ ነው። በአማርኛ «የምትጠጣው ውሃ» ተብሎ የተነገረውን፥ «ውሃውን የምትጠጣው ላም» ወደሚል ቢያዞሩት፥ በኢጣልያንኛ ሲነገር ላም በፊት፥ ውሃ በኋላ ሆነው ይመጣሉ፤ «ኤኮ ላ ሙካ ኬ ቤቬ ላኳ ኬ ስፔኜ ኢል ፉዎኮ ኬ ብሩቻ ኢል ባስቶኔ ኬ ስፒንጄ ላ ካፕሬታ»። እንደሚታየው ላም፥ ውሃ፥ እሳት፥ ዱላ፥ ግልገል በአማርኛው በቆሙበት ተራ ቆመዋል፥ ማን ማንን እንደሚያሸንፍም ግልጽ ነው። ዋናው ስም ግን አሁን ላም ስለ ሆነች፥ «ገባች» የሚለውን ግሥ ለግልገል መስጠት አይቻልም፤ ስለዚህ በመጀመሪያው «እነሆ» የሚል ትርጕም ያለውን «ኤኮ» ያቁሙ፥ እርሱ ሌላ ግሥ አይሻምና፥ ከዚያም ትንሽ ዐረፍ ብለው አዲስ ስንኝ ይጀምሩ፤ «ላ ካፕሬታ ኢንፊኔ ኤንትሮ፥ ኤ ላ ቢምባ አ ካዛ አንዶ»፤ ግልገሏ በመጨረሻ ገባች፥ ልጅቱም ወደ ቤቷ ሄደች። ረጅሙ ሰንሰለት በስንኝ ልክ አልተለካም፥ መለካትም የለበትም፤ በአንድ ትንፋሽ ተሯሩጦ ካለፈ በኋላ ሁለቱ ልክ ስንኞች ሲመጡ ነው ማረፍ የሚሰማው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በ«ኖ» ሲዘጋ የነበረው በር በ«ትሮ» እና በ«ዶ» ሲከፈት፥ ቤቱ አንድ ሆኖ ምሥጢሩ ይለወጣል።

እዚህ ላይ ስለ ግሥ ጊዜ አንድ ነገር ማለት ግድ ነው። ኢጣልያንኛን በሥራ ቦታና በገበያ የተማሩ ወላጆች፥ በተለይም በሰሜን የሚኖሩ፥ «ኤንትሮ» የሚለውን ሩቅ ኃላፊ በንግግር ስለማይሰሙት በሚያውቁት «ኤ ኤንትራታ» ሊተኩት ይወዳሉ። በሚላኖ እንኳ ተረት የሚነገረው በሩቁ ኃላፊ ነው፥ ሕፃናቱም ከመጻሕፍት ያውቁታል፤ ስለዚህ አይፍሩት። ነገር ግን ሁሉም ግሥ በ«ኦ» እንደማያልቅ ልብ ይበሉ፤ ጠጣ «ቤቬ»፥ አጠፋ «ስፔንሴ»፥ ነዳ «ስፒንሴ» ስለሚባሉ፥ በስንኝ መጨረሻ ሳይሆን በስድ ንባቡ ውስጥ ያስቀምጧቸው።

ከስንኞቹ ውጭ ያለው ስድ ንባብ በአማርኛ በመንታ ቃል የሚያሽካካ ከሆነ፥ ኢጣልያንኛም የራሱ መንታዎች አሉት። «ሄዳ ሄዳ» የሚለውን የኢጣልያን ተረት ነጋሪዎች በተለመደው «ካሚና ካሚና» ይሉታል፤ «ሹልክ ብላ» «ኳታ ኳታ» ይሆናል፥ «ቀስ በቀስ» ደግሞ «ፒያኖ ፒያኖ»። ድምፅ አምጪ ቃል ከራስዎ ከመፍጠር እነዚህን መጠቀም ይበልጣል። እንስሳትን በክብር መጥራትም በዚያ አገር የታወቀ ነው፤ ለ«አያ» «ኮምፓሬ»፥ ለ«እመት» «ኮማሬ» ይስማማሉ። አያ ጅቦን በሚተርጕሙበት ጊዜ ግን ጅብ በኢጣልያንኛ ሰዋስው ሴት ስለሆነች «ኮምፓሬ» አይመጥናትም፤ አንዳንዶች በዚህ ምክንያት ጅቡን በተኵላ ይለውጡታል፥ እኔ ግን ጅቡ ሴት ሆና «ኮማሬ» ብትባል እመርጣለሁ፥ ከኢጣልያ ጫካ የመጣ ተኵላ የሐበሻን ሌሊት አያውቀውምና።

ተረቱ የሚከፈትበትን የጥሪና የመልስ ሥርዐት በተለመደው የኢጣልያን መክፈቻ «ቼራ ኡና ቮልታ» መተካት አይበቃም፥ እርሱ «ከዕለታት አንድ ቀን» እንጂ መልስ የሚጠብቅ ጥሪ አይደለምና። የላም በረቱን ቃል በቃል ቢተረጕሙትም ቤት ስለማይመታ ትርጕም የለሽ ይሆናል። ተራኪው «ፊያባ ፊያባ፥ ኪ ላ ሳ?» ብሎ ቢጠራ፥ ማለትም «ተረት ተረት፥ ማን ያውቃታል?» ቢል፥ ልጁም «ዚቲ ዚቲ፥ አሪቫ ኳ» ብሎ ቢመልስ፥ «ዝም ዝም፥ ወደዚህ መጣች» እንደ ማለት፥ ሁለቱም በተረቱ ልክ የተለኩ ስለሆኑ ጆሮውን ለሚመጣው ያዘጋጁታል። ከዚያ በኋላ «ቼራ ኡና ቮልታ» ሊከተል ይችላል።

በመጨረሻ ጽሑፉን ለአያት ወይም ለዘመድ በፊደላችን ጽፈው የሚሰጡ እንደ ሆነ፥ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን እንደማይለይ አይርሱ፤ በአማርኛ «አለ» ጠብቆና ላልቶ ሲነበብ ሁለት ነገር እንደሚሆን፥ በኢጣልያንኛም «ፓላ» ሲጠብቅ ኳስ፥ ሲላላ አካፋ ነው። «ካፕሬታ»፥ «ሙካ»፥ «ኖቴ»፥ «ዚቲ» ሁሉም ጠብቀው ይነበባሉ፤ ከሚጠብቀው ፊደል በላይ ሁለት ነጥብ ያድርጉ፥ ድምፁ ከሚወድቅበት ቀለም በታች ደግሞ አጭር ሰረዝ ያስምሩ። ከዚያም ጽሑፉን ተረቱን ሰምቶ ለማያውቅ ኢጣልያንኛ ተናጋሪ ሰጥተው፥ ምንም ሳይነግሩት ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ ይጠይቁ። አንባቢው በአንድ ስንኝ ላይ ከተደናቀፈ ወይም ቃሉን ከልማዱ ውጭ አጥብቆ ካነበበ፥ ጥፋቱ የስንኙ ነው፤ «ስፔኚሚ» ድምፁ በመጀመሪያው ቀለም ላይ የሚወድቅ ሆኖ ሳለ በመካከሉ እንዲነበብ የሚያስገድድ ስንኝ ቢኖር፥ ያለ ርኅራኄ ያፍርሱት። ቀጥሎ ለልጁ ሦስት ሌሊት ያንብቡለት፤ በሦስተኛው ሌሊት «ኢል ባስቶኔ» ብለው ዝም ሲሉ ልጁ የቀረውን ካልሞላ፥ ወደ ቀለም ቈጠራው ይመለሱና ከዚያ ስንኝ ይጀምሩ።